ሦስተኛው ቀን፦ በሆስፒታል አንቲባዮቲክን ማጥበብና በጊዜው ማቆም

ሆስፒታል ተኝቶ ለሚታከም ሰው የሚሰጠው አንቲባዮቲክ በአብዛኛው የሚጀመረው በግምት ነው። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ትኩሳቱ 39 ዲግሪ ያለፈ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሕመምተኛ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ የትኛው ባክቴሪያ እንዳጠቃው የሚያውቅ የለም፤ ላቦራቶሪው ለይቶ እስኪናገር ደግሞ ሁለትና ሦስት ቀን ያልፋል። ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ገብቶ የደም ግፊትን ማውረድ ከጀመረ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው። ስለዚህ ሐኪሙ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያን ባንድ ጊዜ የሚመታ፣ በሙያው አነጋገር «ሰፊ» የሚባል መድኃኒት መርጦ ያስጀምራል። ጥያቄው የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው፦ የሕመሙ መንስኤ ሲታወቅ፣ ሕመምተኛውም ሲያገግም፣ ያ የመጀመሪያ ሌሊት ትእዛዝ ማን ያስተካክለዋል? ማንስ ያቆመዋል?

በሆስፒታሎች «ስቱዋርድሺፕ» የሚባለው ሥራ ዋነኛ ጉዳይ ይህ ነው። ስሙ ሰፊ ቢሆንም በዋርድ ውስጥ ሲታይ ሁለት ነገር ላይ ያርፋል። አንዱ መድኃኒቱን ማጥበብ፣ ማለትም ብዙውን ከሚመታው ወደ ተፈላጊው ባክቴሪያ ብቻ ወደሚያነጣጥረው መቀየር ነው። ሁለተኛው በቂ ሲሆን ማቆም ነው። ሁለቱም ውሳኔዎች በአብዛኛው የሚደረሱት መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በሦስተኛው ቀን ገደማ ነው።

ሰፊ መድኃኒት ሲቀጥል የሚያስከትለው ጉዳት በዋናነት የሚደርሰው ሕመሙ ባለበት ቦታ ሳይሆን አንጀት ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች እጅግ የተለመደውን ሴፍትሪያክሶንን ለምሳሌ ብንወስድ፣ በደም ሥር ከተሰጠው ውስጥ ጉልህ ክፍል በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይፈሳል። የሳንባ ምች ለማከም የተሰጠው መድኃኒት በመንገዱ አንጀት ውስጥ በሰላም የሚኖሩትን ኢ. ኮላይና ክሌብሲየላ የሚባሉ ባክቴሪያዎችንም ይገድላል። ሁሉንም ግን አይገድልም። ከመካከላቸው ሴፍትሪያክሶንን የሚሰብር ኢንዛይም የሚያመርቱ ጥቂቶች ካሉ እነሱ ይተርፋሉ፤ ተቀናቃኞቻቸው ስላለቁ ቦታውን ይወርሳሉ። ሕመምተኛው የሳንባ ምቹ ድኖለት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ባክቴሪያዎቹ ግን አብረውት ይሄዳሉ፣ ወይም በባለሙያ እጅ፣ በአልጋ ብረትና በሽንት ቱቦ አማካይነት ጎኑ ወደተኛው ሰው ይሻገራሉ። ያኛው ሰው ኢንፌክሽን ሲይዘው ሴፍትሪያክሶን አይሠራለትም፤ ሜሮፔኔም ያስፈልገዋል። ሜሮፔኔም በብዛት መታዘዝ ሲጀምር ደግሞ ሜሮፔኔምን የተላመዱት ይመረጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት አማራጮች ጥቂት፣ ውድና ለኩላሊት የሚከብዱ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት የከፈለው ይህን ሰንሰለት በማየት ነው። በመጀመሪያው ምድብ እንደ አሞክሲሲሊን፣ ፔኒሲሊን፣ ክሎክሳሲሊንና ሴፋዞሊን ያሉት በቅድሚያ ሊታዘዙ የሚገባቸው አሉ። በሁለተኛው፣ በጥንቃቄ ሊታዘዙ በሚገባቸው ውስጥ፣ ሴፍትሪያክሶን፣ አዚትሮማይሲን፣ ቫንኮማይሲንና ሜሮፔኔም ይገኛሉ። ሦስተኛው እንደ ኮሊስቲን ያሉ ሌላው ሁሉ ሲያቅት የሚወጡ መጠባበቂያዎች ናቸው። በ2024 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተሰበሰቡ አገሮች በ2030 ሰዎች ከሚወስዱት አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 በመቶው ከመጀመሪያው ምድብ እንዲሆን ተስማምተዋል። በአገራችን ዋርዶች ውስጥ ግን ሴፍትሪያክሶን የነገሠበት ምክንያት ለመረዳት አይከብድም፦ ርካሽ ነው፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ መስጠት ይበቃል፣ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ሥራ ለበዛባት ነርስም በየአራት ሰዓቱ ከሚሰጠው ፔኒሲሊን በጣም ይቀላል።

ሥራው በአንድ ሕመምተኛ ላይ እንዴት እንደሚሄድ ማየት ይቻላል። ምሳሌው የአንድ የተወሰነ ሰው ታሪክ ሳይሆን በየዋርዱ የሚታይ ዓይነት ነው። የ52 ዓመት ሰው ሦስት ቀን ሲያስለውና ሲያተኩሰው ቆይቶ ሆስፒታል ይገባል። የሰውነቱ ሙቀት 39.2፣ ትንፋሹ በደቂቃ 28፣ የደሙ ኦክስጅን 88 በመቶ ነው። በራጅ ቀኝ ሳንባው ታች በኩል ነጭ ሆኗል። ኦክስጅን ይደረግለታል፤ ሴፍትሪያክሶን 2 ግራም በቀን አንዴ በደም ሥር፣ አዚትሮማይሲን 500 ሚሊግራም ደግሞ በአፍ ይጀመርለታል። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው።

የሦስተኛውን ቀን ውሳኔ የሚወስነው ግን የመጀመሪያው ዶዝ ከመሰጠቱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች የሚሠራ ሥራ ነው። የደም ካልቸር መወሰድ ያለበት ያኔ ነው፤ ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ ለምሳሌ ከቀኝና ከግራ ክንድ፣ ቆዳው በደንብ ጸድቶ፣ ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም። መድኃኒቱ ቀድሞ ካልቸሩ ከተከተለ ጠርሙሱ ውስጥ የሚያድግ ነገር ላይኖር ይችላል፤ ባዶ ውጤት ደግሞ ሐኪሙን ወደ ግምት መልሶ ሰፊውን መድኃኒት እንዲቀጥል ያስገድደዋል። ደሙ ከአንድ ክንድ ብቻ ከተቀዳ ሌላ ችግር ይመጣል። ሳይጸዳ የቀረ የቆዳ ባክቴሪያ ጠርሙሱ ውስጥ ያድግና ውጤቱ የደም ኢንፌክሽን መስሎ ይታያል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ቫንኮማይሲን ተጨምሮላቸው ኩላሊታቸው የሚጎዳ ሕመምተኞች አሉ። በሁለት ጠርሙሶች ቢሆን ኖሮ አንዱ ብቻ ማደጉ ብክለት መሆኑን ይጠቁም ነበር።

በሁለተኛው ቀን ላቦራቶሪው ይደውላል፦ በሁለቱም ጠርሙሶች ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚታዩ ክብ ባክቴሪያዎች አድገዋል። በሦስተኛው ቀን ስማቸው ይታወቃል። ኒሞኮከስ ነው፣ የሳንባ ምች ዋነኛ መንስኤ፤ በፔኒሲሊንም ይሞታል። በዚያው ጠዋት ሰውየው ሙቀቱ 37.4፣ ትንፋሹ 20፣ የልብ ምቱ 88፣ ኦክስጅኑ ያለ እርዳታ 93 ሆኗል፤ ቁርሱንም በልቷል።

እዚህ ላይ ሦስት ውሳኔዎች ባንድ ጊዜ ይመጣሉ። አዚትሮማይሲን የተጨመረው ገና ለማይታወቁ ሌሎች ባክቴሪያዎች ነበር፤ ሦስት ቀን ስለወሰደና መንስኤው ስለታወቀ ይቆማል። ሴፍትሪያክሶኑ ወደ ጠባቡ ይቀየራል። መዋጥ ባይችል ኖሮ ፔኒሲሊን በደም ሥር ይሰጠው ነበር፤ መዋጥና መብላት ስለቻለ ግን አሞክሲሲሊን 1 ግራም በየስምንት ሰዓቱ በአፍ ይታዘዝለታል። ሦስተኛው ውሳኔ ቀላል ስለሚመስል የሚረሳው ነው፦ ክንዱ ላይ ያለው ካኑላ ይነቀላል። ካኑላ በቆየ ቁጥር ደም ሥሩ ያብጣል፣ ሆስፒታል ውስጥ የሚገኝ አዲስ ባክቴሪያም በዚያው ቀዳዳ ሊገባ ይችላል።

ብዙ ሰው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ከሚዋጠው ይበረታል ብሎ ያምናል። አሞክሲሲሊን ግን በአፍ ሲወሰድ በደንብ ወደ ደም ይገባል፤ ይህን ባክቴሪያ ለመግደል የሚበቃው መጠን ከደረሰ ባክቴሪያው መድኃኒቱ በየት በኩል እንደመጣ አይለይም። ቤተሰቡ በየቀኑ ከውጭ ፋርማሲ ብልቃጥ ከመግዛት፣ ሕመምተኛውም አልጋ ይዞ ከመቆየት ይድናል።

መጥበቡ በተለይ በእኛ አገር ሌላ ጥቅምም አለው። ሳል ይዞ የሚመጣ ሰው ሳንባ ነቀርሳ ሊኖርበት ስለሚችል አክታው በጂን ኤክስፐርት መመርመር አለበት። ለሳንባ ምች ሊቮፍሎክሳሲን የሚታዘዝ ከሆነ መድኃኒቱ የነቀርሳውን ባክቴሪያም ስለሚመታ ሰውየው ለጥቂት ሳምንታት የተሻለው ይመስላል፤ ምርመራው ይዘገያል፣ ነቀርሳውም መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። አሞክሲሲሊን ብቻውን ይህን መጋረጃ አይጥልም።

መድኃኒቱ የሚቆመው መቼ ነው? ባክቴሪያው ደሙ ውስጥ ስለተገኘ ለዚህ ሰው ከመጀመሪያው ዶዝ አንሥቶ ሰባት ቀን ይበቃዋል። ደሙ ንጹሕ ሆኖ በሦስተኛው ቀን እንዲህ አገግሞ ቢሆን ኖሮ አምስት ቀንም ይበቃው ነበር። አሥርና አሥራ አራት ቀን የማዘዝ ልማድ በጥናት የተገኘ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ብራድ ስፔልበርግ እንደሚያስታውሱት፣ ሐኪሞች በሰባትና በአሥራ አራት መቁጠራቸው ሮማዊው ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ እ.ኤ.አ. በ321 ሳምንቱን በሰባት ቀን ከመደንገጉ ጋር የሚያያዝ እንጂ ከባክቴሪያው ጠባይ የመጣ አይደለም።

ባክቴሪያውን የሚመለከቱ ጥናቶች ሲሠሩ ውጤታቸው በተደጋጋሚ ወደ አጭሩ አድልቷል። በፈረንሳይ የተደረገና በ2021 የታተመ ጥናት፣ በሳንባ ምች ሆስፒታል ገብተው በሦስተኛው ቀን ያገገሙ ሕመምተኞችን ከፍሎ ለግማሾቹ መድኃኒቱን በዚያው ቀን አቆመ፤ ግማሾቹን እስከ ስምንተኛው ቀን አስቀጠለ። የመዳን መጠናቸው ተመጣጣኝ ነበር። ይበልጥ አሳማኝ የሆነው «ባላንስ» የተባለው ጥናት ነው። ውጤቱ በ2024 መጨረሻ ሲታተም በሰባት አገሮች፣ በ74 ሆስፒታሎች የታከሙ 3,608 ሕመምተኞችን አካትቶ ነበር፤ ሁሉም ደማቸው ውስጥ ባክቴሪያ የተገኘባቸው ነበሩ። ሰባት ቀን ከታከሙት ውስጥ በ90 ቀናት የሞቱት 14.5 በመቶ፣ አሥራ አራት ቀን ከታከሙት ደግሞ 16.1 በመቶ ሆኑ። አጭሩ ከረጅሙ አላነሰም።

በሰባተኛው ቀን ሐኪሙን የሚያመነቱት ምልክቶች አሉ። ሰውየው አሁንም ያስለዋል፤ ራጁም እንደገና ቢነሣ ነጩ ቦታ አልጠፋም። ሁለቱም መድኃኒት ለመቀጠል ምክንያት አይሆኑም። ሳል ከሳንባ ምች በኋላ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ የራጁ ጥላ ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም ሳንባው ቁስሉን እስኪያጸዳ ይቆያል፤ በአዛውንቶች ላይ ከወር በላይ ሊወስድ ይችላል። መታየት ያለበት ሙቀት፣ ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ኦክስጅን፣ መብላት መቻልና የአእምሮ ንቃት ነው። እነዚህ ወደ ቦታቸው ከተመለሱ ሥራው ተጠናቋል።

በተቃራኒው ሕመምተኛው በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ካልበረደለት ብዙ ጊዜ የሚቸኮለው መድኃኒቱን ወደ ከፍተኛው ለመቀየር ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው። በሳንባው ዙሪያ መግል ተቋጥሮ ይሆን? መግል ያለበት ቦታ መድኃኒት በቀላሉ አይደርስም፤ በመርፌ ወይም በቱቦ እስካልወጣ ድረስ ሜሮፔኔምም አያድንም። ወይስ ከመጀመሪያውም የሳንባ ምች ሳይሆን ነቀርሳ ወይም የልብ ድካም ነበር?

አጭር ይሻላል ማለት ሁሉም ነገር አጭር ነው ማለት አይደለም። ስታፍ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ደም ውስጥ ከተገኘ ቢያንስ 14 ቀን በደም ሥር የሚሰጥ ሕክምና ይጠይቃል፤ ልብ ወይም አጥንት ላይ ተቀምጦ እንደሆነ ሳይመረመር መቆም የለበትም። የባላንስ ጥናትም እነዚህን ሕመምተኞች ሆን ብሎ አላካተተም። የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ የአጥንት ኢንፌክሽን ስድስት ሳምንት ገደማ፣ ሳንባ ነቀርሳ በተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል። በጤና ጣቢያ ለነቀርሳ ታካሚ የሚነገረው «መድኃኒቱን ሳትጨርስ እንዳታቆም» የሚለው ምክር ለነቀርሳ ፍጹም ትክክል ነው፤ ወደ ሳንባ ምችና ወደ ሽንት ኢንፌክሽን ሲዛመት ግን ሐኪሙም አስታማሚውም መድኃኒት ማስረዘምን እንደ ደኅንነት እንዲቆጥሩት አድርጓል።

ያለ አንዳች ጥቅም መድኃኒት በብዛት የሚባክንበት ሌላው ቦታ የቀዶ ሕክምና ዋርድ ነው። ንጹሕ በሆነ ቀዶ ሕክምና አንቲባዮቲክ የሚሰጠው ቁስሉ እንዳይመረዝ ለመከላከል ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ሥጋ ውስጥ መገኘት ያለበት ቆዳው በሚከፈትበት ሰዓት ነው። አንድ ዶዝ ሴፋዞሊን ከመቆረጡ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ በአብዛኛው ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ እንዲቀጥል አይመክርም። ቆዳው ከተዘጋ በኋላ ለአምስት ቀን የሚሰጥ ሴፍትሪያክሶን ቁስሉን የበለጠ አይጠብቀውም፤ አንጀት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ያው ነው።

ይህ ሁሉ የላቦራቶሪ ነገር በብዙ ሆስፒታሎች ካልቸር በማይሠራበት አገር ምን ትርጉም አለው የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ለሁለቱ ውሳኔዎች የተለያየ ነው። ማጥበብ በአብዛኛው ላቦራቶሪ ይፈልጋል፤ ካልቸር በሌለበት ሐኪሙ የሚመራው በአካባቢው በተለመዱት ባክቴሪያዎችና በአገር አቀፍ የሕክምና መመሪያው ነው፤ ይህም ውስን ነው። ማቆም ግን የሚፈልገው ቴርሞሜትር፣ የልብ ምትና ትንፋሽ የሚቆጥር ሰውና ቀኑ የተጻፈበት ቻርት ብቻ ነው። ሕመምተኛው ካገገመ፣ ሊፈስ የሚገባው መግል ከሌለ፣ በቂ ቀን ካለፈ፣ የባክቴሪያው ስም ሳይታወቅም መድኃኒቱ ሊቆም ይችላል። በመሣሪያ እጥረት የሚቸገር ሆስፒታል ዛሬውኑ ሊጀምረው የሚችለው ትልቁ ለውጥ እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ እንዲያውም ይቆጥባል።

እንቅፋቱ ከዕውቀት ይልቅ የሥራ አደረጃጀት ነው። ብዙ ጊዜ ቻርቱ ላይ መድኃኒቱ ይጻፋል እንጂ ለምን እንደታዘዘና የመጨረሻ ቀኑ አይጻፍም። ተረኛው ሐኪም በሌሊት የጀመረውን የዋርዱ ሬዚደንት ጠዋት ያገኘዋል፤ «ለምን እንደተጀመረ ሳላውቅ እንዴት አቆማለሁ?» ይላል። ሲኒየር ያዘዘው ከሆነማ ይበልጥ ይከብደዋል። መድኃኒት አቁሞ ሕመምተኛው ቢብስበት በስም ይጠየቃል፤ አስቀጥሎ ከሳምንታት በኋላ ጎረቤት አልጋ ላይ መድኃኒት የተላመደ ክሌብሲየላ ቢገኝ ግን ማንም ወደ እሱ አይጠቁምም። የሁለቱ ጉዳት አይመጣጠንም፤ ፍርሃቱ ግን ወደ አንዱ ብቻ ያጋደለ ነው።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ጥያቄውን በየቀኑ የሚያነሣ ሌላ ባለሙያ ራውንዱ ላይ ማቆም ነው። ክሊኒካል ፋርማሲስቱ ቻርቱን ገልጦ «ዶክተር፣ ይሄ ሴፍትሪያክሶን ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው፤ ትኩሳት ካየ አምስት ቀን አልፎታል፤ የምንቀጥልበት ምክንያት አለ?» ሲል ውሳኔው የአንድ ሰው ሸክም መሆኑ ይቀራል። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይህ ተሞክሮ ውጤቱ በ2020 ታትሟል። ፋርማሲስቶች ከኢንፌክሽን ስፔሻሊስቶች ጋር ሆነው ትእዛዞችን እየፈተሹ ምክር ሲሰጡ ከምክሮቹ ግማሽ ያህሉ «ይቁም» የሚሉ ነበሩ፤ ሐኪሞቹም አብዛኛውን ተቀበሉ። ክትትሉ ሲቋረጥ የመድኃኒት አጠቃቀሙም፣ ሕመምተኞች ተኝተው የሚቆዩበት ጊዜም ተመልሶ ጨመረ። ልማዱ ብቻውን አልቆመም፤ ጠያቂው ሲሄድ አብሮት ሄደ።

ሥራው የሚያዘውም በቁጥር ነው፦ ለአንድ ሺህ የአልጋ ቀን ስንት የአንቲባዮቲክ ቀን ተሰጠ? ከትእዛዞቹ ስንቶቹ ምክንያትና የመጨረሻ ቀን ተጽፎባቸዋል? ከእነዚህ ጎን ለጎን ሞትና ታክሞ የመመለስ መጠን መቆጠር አለባቸው፤ አጠቃቀሙ ወርዶ ሞት ከጨመረ የተቆረጠው አስፈላጊው መድኃኒት ነው። በአምስተኛው ቀን በራሱ የሚዘጋ ትእዛዝ የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ያለበትን ሰው መድኃኒት እስከ ማቋረጥ ሊያደርስ ይችላል፤ ማቆሚያው ቀን ሰው እንዲጠይቅ የሚያስታውስ እንጂ በሰው ፈንታ የሚወስን መሆን የለበትም።

ዋርድ ውስጥ ዘመዱን የሚያስታምም ሰው መድኃኒት እንዲቆም ወይም እንዲጨመር መወትወት የለበትም፤ ሦስት ነገር ግን በአክብሮት መጠየቅ መብቱ ነው። አንቲባዮቲኩ የታዘዘው ለየትኛው ሕመም ነው? ከመጀመሩ በፊት ናሙና ተወስዷል? የሚቆመውስ በስንተኛው ቀን ነው? ሐኪሙ የሦስተኛውን መልስ ቻርቱ ላይ እንዲጽፈው ይለምኑት።